በስልክ የወረዱ ሰነዶችን አግኝቶ ስማቸውን ስለ መለወጥና ወደ ሜሞሪ ካርድ ስለ ማዛወር



የማዳበሪያ ድልድል ሠንጠረዥ ወይም የዘር ማከፋፈያ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚደርሰው በስልክ ነው። ተቀባዩም ከፍቶ ያነበዋል፤ ይዘጋዋልም። ከሦስት ቀን በኋላ ገበሬዎች ተሰብስበው ሳሉ ኔትወርክ የጠፋ እንደ ሆነ፥ ያው ሰነድ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ባለቤቱ ሊያገኘው አይችልም። ኔትወርክ ሲመለስ እንደ ገና ያወርደዋል። በዚህ አኳኋን አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ይከማቻል። ከሦስቱም አንዱ የታረመው ሲሆን ሹሙ በአሮጌው ያከፋፈለ እንደ ሆነ፥ የአንዱ ቀበሌ ድርሻ ለሌላው ይሄዳል።

ስለዚህ መዝገብ ቤት በወረቀት የሚሠራውን ሥራ በስልክ እንዴት መሥራት እንደሚቻል ከዚህ በታች እናስረዳለን። የምንናገረው አንድሮይድ በሚባለው ስልክ ላይ ስላለው፥ ጉግል ስላዘጋጀው Files ስለሚባለው መተግበሪያ ነው። በሳምሰንግ ስልክ My Files የሚባል ሌላ አለ፤ ቃላቱ ጥቂት ቢለዋወጡም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

መጀመሪያ ማግኘቱ ነው። Files ሲከፈት Downloads የሚል ይታያል፤ ከድረ ገጽ የወረደ ሰነድ ሁሉ በዚያ ይገኛል። በዝርዝሩ ላይ አዲሱ ከላይ እንዲሆን አድርጎ በቀን መደርደር ፍለጋውን ያሳጥራል። በቴሌግራም የመጣ ሰነድ ግን ብዙ ጊዜ በዚያ አይገኝም፤ ብዙ ሰዎችም «ጠፋብኝ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከወጣው አንድሮይድ 11 ወዲህ፥ አንዱ መተግበሪያ በግል ጓዳው ያኖረውን ሌላው እንዳያይ ተከልክሏል። ቴሌግራምም የወረዱትን ሰነዶች በራሱ ጓዳ ያኖራቸዋል፤ Files ደግሞ ወደዚያ መግባት አይፈቀድለትም። ሰነዱ አልጠፋም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው እንጂ። መፍትሔውም በቴሌግራም ውስጥ ሰነዱ ካለበት መልእክት አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ Save to Downloads የሚለውን መምረጥ ነው። ከዚህ በኋላ ቅጂው በ Downloads ውስጥ ይታያል።

አሁን አንድ ምሳሌ እናንሣ። አንድ የወረዳ እርሻ ኃላፊ Downloads ን ሲከፍት ሦስት ሰነዶች አገኘ እንበል፤ ስማቸውም scan0012.pdf እና scan0012 (1).pdf እና scan0012 (2).pdf ነው። በቅንፍ ያለው ቁጥር የእርማት ቁጥር አይደለም፤ በዚያው ስም ሌላ ሰነድ አስቀድሞ ስላለ ስልኩ እንዳይደባለቅበት ራሱ የጨመረው ነው። ስለዚህ ትልቅ ቁጥር ያለው አዲሱ ደብዳቤ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ የድሮው ደብዳቤ ዘግይቶ ዳግመኛ የወረደ ሊሆን ይችላልና። የየሰነዱን ሦስት ነጥቦች ነክቶ File info ቢል መጠኑ ይታያል። ሁለቱ 412 KB፥ አንዱ 438 KB ቢሆኑ፥ ሁለቱ አንድ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይገመታል። ግምት ግን ማስረጃ አይደለም፤ ሦስቱንም ከፍቶ በራስጌው ላይ ያለውን ቁጥርና ቀን ማየት ያስፈልጋል። ኃላፊውም እንዲህ ቢያደርግ ሁለቱ የግንቦት 12 ቀን፥ መካከለኛው scan0012 (1).pdf የግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆኖ «የታረመ» የሚል ቃል ያለበት መሆኑን ያገኛል። ትልቁን ቁጥር ይዞ ቢሆን ኖሮ በተሻረው ድልድል ያከፋፍል ነበር።

እንግዲህ ስሙን መለወጥ ነው፤ በሦስቱ ነጥቦች ውስጥ Rename ይላል። ለታረመው ደብዳቤ እንዲህ ያለ ስም እንሰጣለን፦

```
2017-09-19 የማዳበሪያ ድልድል የታረመ.pdf
```

ዓመቱን አስቀድመን ወርንና ቀንን ማስከተላችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰነዶቹ በስም ሲደረደሩ በዘመን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ቀኑም የደብዳቤው ቀን ይሁን። ስልኩ የሚያሳየው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ሰነዱ የወረደበት ነው፤ ወደ ካርድ በተገለበጠ ጊዜም ሊለወጥ ይችላል። በደብዳቤ ላይ እንደለመድነው 19/09/2017 ብሎ በእዝባር መጻፍ ግን አይቻልም፤ እዝባር በስልኩ ዘንድ የፎልደር መለያ ምልክት ነውና። ሁለት ነጥብ፥ የጥያቄ ምልክትና ኮከብ ደግሞ በሜሞሪ ካርድ ላይ አይፈቀዱም። በፊደላችን መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ስልኩ ለስም የሚሰጠው ስፍራ 255 ባይት ሲሆን አንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ፥ ከ85 ፊደል አያልፍም። የደብዳቤውን ርእስ በሙሉ ሊጽፍ የሚወድ ሰው በዚህ ይሰናከላል።

በመጨረሻ ያለው .pdf እንዳይነካ ጥንቃቄ ያሻል። ስልኩ ሰነዱን በምን እንደሚከፍት የሚያውቀው በዚህ ነውና፥ ከጠፋ ሰነዱ አልከፈትም ይላል። ደግሞ Rename ብሎ .pdf ብሎ ቢጽፍበት ይድናል፤ ውስጡ አልተበላሸምና።

ቀጥሎ ወደ ሜሞሪ ካርድ ማዛወሩ ነው። ካርዱ መጀመሪያ ሲገባ ስልኩ አንዳንድ ጊዜ ምርጫ ያቀርባል፤ በተንቀሳቃሽነት ይኑር ወይስ የስልኩ የውስጥ ማከማቻ ይሁን ብሎ ይጠይቃል። ተንቀሳቃሹን መምረጥ ይሻላል። የውስጥ ማከማቻ የተደረገ ካርድ ለዚያ ስልክ ብቻ በምስጢር ይቆለፋል፤ ስልኩ የተሰበረ ዕለት ሰነዱም አብሮ ይቀራል።

Files በሦስቱ ነጥቦች ውስጥ Move to እና Copy to የሚሉ ሁለት መንገዶች አሉት። በ Move to ሰነዱ ከስልኩ ወጥቶ ወደ ካርዱ ይሄዳል፤ በ Copy to ግን በሁለቱም ይኖራል። ዋና ለሆነ ሰነድ ሁለተኛውን እንመርጣለን። Copy to ን ነክቶ SD card ን መርጦ፥ «ማዳበሪያ 2017» የሚል ፎልደር ከፍቶ እዚያ ማኖር ነው። ከዚያ ሰነዱን ከካርዱ ላይ ከፍቶ እስከ መጨረሻው ገጽ ማየት ይገባል። በገበያ ላይ 128 GB ተብለው የሚሸጡ፥ በእውነት ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ የሚይዙ የሐሰት ካርዶች አሉ። በእንዲህ ያለው ካርድ ላይ የሰነዱ ስምና መጠን ደኅና ሆኖ ይታያል፤ ሲከፈት ግን ባዶ ወይም የተበላሸ ነው። በ Move to ተዛውሮ ቢሆን ሌላ ቅጂ አይኖርም።

በካርዱ ላይ ያለው በደኅና ከተከፈተ በኋላ በስልኩ ያለውን መሰረዝ ይቻላል። የተሰረዘው በ Files ውስጥ በ Trash 30 ቀን ይቆያል፤ እስከዚያም ድረስ ስፍራ መያዙን አይተውም። የተሻሩትን የግንቦት 12 ቀን ሁለቱን ሰነዶች ግን ሁለቱንም መሰረዝ አይገባም፤ ኦዲተር ሊጠይቅ ይችላልና አንዱ «የተሻረ» ተብሎ ተሰይሞ በካርዱ ላይ ይቀመጥ።

ካርዱን ከስልኩ ለማውጣት ሲፈለግ በስልኩ Settings ውስጥ Storage ን ከፍቶ ካርዱን መርጦ Eject ማለት ያስፈልጋል። ጽሕፈቱ ሳያልቅ በጥፍር ተመዞ የወጣ ካርድ ሲገለበጥ የነበረውን ሰነድ ብቻ ሳይሆን የፎልደሩን ዝርዝር ጭምር ሊያበላሽ ይችላል።