አንድ ዙር ሲጨመር

ሁለት ቃለ መጠይቅ ጨርሶ ውጤት የሚጠብቅ አመልካች «አንድ ተጨማሪ ውይይት አለን» የሚል ኢሜይል ሲደርሰው ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ግን ቅጥሩን የሚያጸድቀው ኃላፊ ገና አላገኘውም፤ ወይም ሁለት እጩዎች ተቀራርበዋል። ስለዚህ «ለምን ተጨመረ?» ከማለት ማን እንደሚገኝና ውይይቱ በምን ላይ እንደሚያተኩር መጠየቅ ይሻላል፤ ለዝግጅት የሚጠቅመው ይህ ነው።

ትልቁ አደጋ ሰዓቱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለች አመልካች ከለንደን «ማክሰኞ 10:00» ቢጻፍላትና እንደኛ አቆጣጠር አሥር ሰዓት ብትረዳው ቀጠሮው ያመልጣታል። በጥር ሁለቱ ከተሞች የሦስት ሰዓት ልዩነት አላቸው፤ በሐምሌ ግን ሁለት ብቻ። ቀጠሮው በጥር ከሆነ እንዲህ ትመልስ፦

«ስለ ግብዣው አመሰግናለሁ፤ ለሥራው ያለኝ ፍላጎት ጽኑ ነው። ማክሰኞ በለንደን 10:00፣ በአዲስ አበባ 13:00 ላይ እገኛለሁ። በዙም ነው ወይስ በስልክ? ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ማን እንደሚገኝና በምን ላይ እንደምንወያይ ቢገልጹልኝ እዘጋጃለሁ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ በዚህ ስልክ ያገኙኛል።»

ለራሷ ማስታወሻ ደግሞ «ቀን ሰባት ሰዓት» ብላ ትጻፈው። ቀኑ ካልተመቻት በዚያው ሳምንት ሁለት አማራጭ ሰዓቶች ብታቀርብ ደብዳቤ መመላለሱ ያጥራል።