«ቦታ እንቀይር» ሲባል

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2024 ቦጎታ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2023 የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት በኮሎምቢያዋ የሜደሊን ከተማ ስምንት አሜሪካውያን ባጠራጣሪ ሁኔታ ሞተዋል። በርከት ያሉት ከመሞታቸው በፊት በመተዋወቂያ መተግበሪያ ካገኙት ሰው ጋር ቀጠሮ ይዘው ነበር። ኤምባሲው ዜጎቹን «አትተዋወቁ» አላለም። በሕዝብ ቦታ ተገናኙ፣ ከመኖሪያ ቤትና ከሆቴል ክፍል ራቁ፣ የት እንደምትሄዱ፣ ማንን እንደምታገኙና በየትኛው መተግበሪያ እንደተዋወቃችሁ ለወዳጅ ወይም ለቤተሰብ ንገሩ አለ።

ምክሩ ቀላል ይመስላል። ግን በሜደሊን የተዘረፉት ብዙዎቹ ደደቦች አልነበሩም። ያገኟትም ሴት እንደ ፎቶዋ ልትሆን ትችላለች።

በቪዲዮ መደወል የሚጠቅመውም የማይጠቅመውም እዚህ ላይ ይለያል። ጥሪው የሚያጣራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰውና የሚጽፈው ሰው አንድ መሆናቸውን። ካሜራው ሁልጊዜ የሚበላሽበት፣ ኔትወርኩ ለድምፅ ሲሠራ ለቪዲዮ የማይሠራለት ሰው እንዳይታይ የሚፈልግበት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ዛሬ ደግሞ ፊት በኮምፒውተር ይቀየራል። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ያህል እያወሩ ወደ ጎን ዞር እንዲል፣ እጁን በፊቱ ፊት እንዲያሳልፍ፣ ወደ መስኮት ሄዶ ብርሃኑን እንዲቀይር መጠየቅ ይሻላል። የተለጠፈ ፊት በዚህ ጊዜ ጠርዙ ላይ ሊደበዝዝ ወይም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ሳይንቀጠቀጥ ቢያልፍም ግን ጥሪው ስለ ሰውየው ሐሳብ የሚናገረው ነገር የለም።

ለሐሳብ የሚያገለግለው ቦታው ነው። ካፌ ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚያየው የጠረጴዛውን ውበት ነው፤ መታየት ያለበት ግን መግቢያና መውጫው፣ አስተናጋጁ የሚመላለስበት መሆኑና ከደጁ ታክሲ መገኘቱ ነው። ቦታውን የምትመርጠው እሷ ብትሆን፣ በራሷ መጓጓዣ ሄዳ በራሷ ብትመለስ፣ የቤቷ አድራሻ በማያውቀው ሰው እጅ አይገባም።

አደጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ካፌው ውስጥ ሳይሆን ከዚያ ሲወጣ ነው። «እዚህ ጫጫታ በዛ፣ ጓደኛዬ ቤት እንሂድ» ወይም «መኪናዬ ውስጥ ሆነን እናውራ» የሚለው ጥያቄ ያን ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያፈርሰዋል። በኮሎምቢያ የሚፈራው ስኮፖላሚን የተባለው አደንዛዥ መድኃኒት ነው፤ መጠጥ ውስጥ ተጨምሮ ሰውን እስከ 24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ራሱን ሊያስት ይችላል። ስለዚህ ብርጭቆውን ትቶ መጸዳጃ ቤት የሄደ ሰው ተመልሶ ሌላ ቢያዝ ይሻለዋል።

ሦስተኛው እርምጃ ጓደኛ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚያበላሸውም እሱን ነው። «ዛሬ ሰው ላገኝ ነው» ማለት መንገር አይባልም። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት ቅዳሜ ከሰዓት ቀጠሮ አላት እንበል። ለጓደኛዋ እንዲህ ትጽፋለች፦ «9 ሰዓት ላይ ቦሌ መድኃኔዓለም ፊት ለፊት ያለው ካፌ። ስሙንና ስልኩን፣ የመተግበሪያውን ገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ። 10 ሰዓት ላይ ደውዪልኝ፣ ጽሑፍ አትላኪ።» ከዚያም በቴሌግራም ያለችበትን ቦታ በቀጥታ ታጋራታለች፤ 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት መምረጥ ይቻላል። ቀጠሮው ካሰበችው ሊረዝም ስለሚችል 8ቱ ይመረጣል።

መደወሉ ለምን? ስልኩን የያዘ ማንም ሰው «ደኅና ነኝ» ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ድምፅ ግን የራስ ነው። ሁለቱ ቀድመው አንድ ቃል ይስማማሉ። «እማዬ መድኃኒቷን ወሰደች?» ብላ ከጠየቀች ጓደኛዋ «ቶሎ ነዪ፣ አሟታል» ትላለች፤ እሷም አብሯት ለተቀመጠው ብዙ ሳትገልጽ ተነሥታ ትሄዳለች። ቦታ ለመቀየር ካሰበች ደግሞ ከመነሣቷ በፊት ለጓደኛዋ ትደውላለች። ቅን ሰው ይህን ጥሪ አይጠላውም፤ የሚያኮርፍ ካለ የምትፈልገውን መረጃ በነፃ ሰጣት።

ጓደኛዋም ሥራ አላት። 10 ሰዓት ላይ ስልኩ ካልተነሣ ጥቂት ቆይታ ትደግማለች፤ አሁንም ካልተነሣ ወደ ካፌው ትደውላለች ወይም ትሄዳለች፣ ካጣቻትም ለፖሊስ ታመለክታለች። የገጹ ፎቶ አስቀድሞ መላኩ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው፤ በብዙ መተግበሪያዎች ላይ ግንኙነቱን ያቋረጠ ሰው ገጹም ሆነ የተጻጻፉት ነገር ወዲያው ከስልኩ ይጠፋል።