ላይቭ ሎኬሽን የት ላይ ይቁም?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ለማግኘት የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብዙም አያግዝም። «ከፋርማሲው ጎን፣ ከሕንፃው ጀርባ» እየተባባለ በስልክ ሲጯጯህ የኖረው ከተሜ፣ አሁን አሁን «ሎኬሽን ላክልኝ» ማለት ይቀለዋል። በዋትስአፕ የሚላከው ሎኬሽን ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በላክንበት ቅጽበት የነበርንበትን ቦታ ብቻ ያሳያል፤ እኛ ብንሄድም ነጥቧ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ሁለተኛው ላይቭ ሎኬሽን ነው። እሱ በተንቀሳቀስን ቁጥር አብሮን ይንቀሳቀሳል፤ የመረጥነው ጊዜ እስኪያልቅ ወይም እኛው እስክናቆመው ድረስም የላክንለት ሰው ያየናል።

አላላኩ ቀላል ነው። መጀመሪያ የዚያን ሰው ቻት እንከፍታለን። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ለአንድ ሰው የታሰበው ለቤተሰብ ወይም ለሥራ ግሩፕ ይሄዳል። ስለዚህ ከላይ የተጻፈውን ስም አንዴ ማየት ይበጃል። ከዚያ በአንድሮይድ ስልክ የወረቀት መቆንጠጫዋን፣ በአይፎን ደግሞ የመደመር ምልክቷን ነክተን «Location» የሚለውን፣ ቀጥሎም «Share live location» የሚለውን እንመርጣለን። ስልኩ ዋትስአፕ ቦታችንን እንዲያውቅ ፈቃድ ሊጠይቀን ይችላል። በመጨረሻ ሦስት ምርጫዎች ይቀርባሉ፦ 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት እና 8 ሰዓት። አንዱን መርጠን መላክ ነው።

ከተላከ በኋላ ቻቱ ውስጥ ትንሽ ካርታ ትወጣለች፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደምትታይም ተጽፎባታል። ሰዓቱ የሚጻፈው ስልኩ በሚቆጥርበት አቆጣጠር ነው። ስለዚህ «5:00 PM» የሚለውን ያዩ እናት ወይም አባት ማታ 5 ሰዓት መስሏቸው እንዳይጠብቁ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ማለት መሆኑን ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ሁኔታ እናስብ። አንዲት ወጣት ያገለገለ ላፕቶፕዋን ልትሸጥ ከማታውቀው ገዢ ጋር መገናኛ አካባቢ አንድ ካፌ ለመገናኘት ተቀጣጥራለች። ገዢው ካፌውን ማግኘት ስላቃተው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የ1 ሰዓት ላይቭ ሎኬሽን ላከችለት። 10፡20 ላይ ተገናኙ፤ 10፡30 ላይ ገንዘቡን ተቀብላ ተሰነባበቱ። እሷም ታክሲ ይዛ 10፡55 ላይ ቤቷ ገባች። የተላከው ሎኬሽን ግን የሚያበቃው 11 ሰዓት ላይ ነው። ገዢው ከካፌው ከወጣች ጀምሮ የሄደችበትን መንገድ፣ የወረደችበትን ፌርማታ፣ የገባችበትን ግቢ ሊያይ ይችል ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ካርታዋ ከቻቱ አትጠፋም። መንቀሳቀሷን አቁማ እንደ ተራ ፎቶ ትቀመጣለች፤ የላክንለት ሰው ሲነካትም መጨረሻ ላይ የታየንበትን ቦታ ታሳየዋለች። የዚህች ወጣት መጨረሻ የታየችበት ቦታ ቤቷ ነው። አምስት ደቂቃ ብቻ ቀርቶት የነበረው ሎኬሽን ከሁሉም በላይ ልትደብቀው የሚገባትን አድራሻ ይዞ ቀረ። ስለዚህ ላይቭ ሎኬሽንን መቼ እንደምናቆም ብቻ ሳይሆን የት ላይ እንደምናቆምም ማሰብ አለብን።

በዚህ ሁኔታ ትክክለኛው ማቆሚያ ካፌው ነበር። ገዢው በር ላይ እንደታየ ቻቱን ከፍታ ከካርታዋ ሥር ያለውን «Stop sharing» ነክታ፣ ስልኩ ሲጠይቃት ደግሞ «Stop» ብላ ብታረጋግጥ፣ በሰውየው ስልክ ላይ የሚቀረው ከዚህ በፊትም የሚያውቀው ካፌ ይሆን ነበር። ሲጀመርም 15 ደቂቃ መምረጥ ትችል ነበር። ሰውየው ሳይደርስ ካለቀ እንደገና መላክ ይቻላል፤ የረጅም ሰዓት ሎኬሽን ግን እኛ ብንረሳውም መቁጠሩን አይተውም።

ብዙ ሰው ሎኬሽን ያቆመ የሚመስለው ዳታ ሲያጠፋ ወይም ዋትስአፕን ሲዘጋ ነው። ዳታ ሲጠፋ አዲስ ቦታ መላኩ ይቋረጣል እንጂ የሰጠነው ጊዜ አይሰረዝም። ሰዓቱ ሳያልቅ ቤት ገብተን ዋይፋይ ከያዝን፣ ነጥቧ ዘላ ቤታችን ላይ ልትቀመጥ ትችላለች። በእርግጥ ማቆማችንን ለማወቅ በዋትስአፕ «Settings» ውስጥ «Privacy» የሚለውን ገብቶ «Live location» የሚለውን መክፈት ነው። ሎኬሽናችንን አሁን እያዩ ያሉት ቻቶች እዚያ ይዘረዘራሉ፤ ከዚያው ማቆምም ይቻላል። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ማንም እየተከታተለን አይደለም።

በቴሌግራምም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፤ ማቆሚያው «Stop Sharing Location» ይላል። ሁለት ልዩነት ግን አለው። አንደኛው፣ ከተወሰኑት ሰዓቶች በተጨማሪ እስክናጠፋው ድረስ የሚቆይ ምርጫ ይሰጣል፤ ለአንድ ቀጠሮ ብለን የምንልክ ከሆነ ይህን አለመንካት ነው። ሁለተኛው፣ በሁለት ሰዎች ቻት ውስጥ የላክነውን መልእክት ከሁለቱም ወገን መሰረዝ ይቻላል። ስለዚህ የቀረችውን ካርታ ማስወገድ ይቻላል፤ ሰውየው ቀድሞ ስክሪንሾት ካነሳ ግን አይመለስም።

የምንልክለት ሰው የቤታችንን ደጃፍ የሚያውቅ ወንድም ወይም እህት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከቦሌ አየር ማረፊያ በታክሲ ወደ አያት የምትሄድ እህት ለወንድሟ የላከችው ሎኬሽን መንገድ ላይ ቢቆም፣ ወንድሟ የሚያየው መቆሙን እንጂ ምክንያቱን አይደለም። እሷ አቁማው ይሁን ሌላ ሰው ስልኩን ወስዶ አቁሞት ካርታው አይለይለትም። ስለዚህ እዚህ ማቆሚያው ቤት ከገቡ በኋላ ነው። ቀድማ ማቆም ካለባትም መጀመሪያ ደውላ ድምጿን ማሰማት፣ ከዚያ ማቆም።

ወንድምየውም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የቆመች ነጥብ ሁልጊዜ የቆመ ሰው ማለት አይደለም። ካርታውን ሲከፍት ከስሟ ሥር ቦታዋ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው ከስንት ደቂቃ በፊት እንደሆነ ያነባል። አሁን የታደሰ ከሆነና ነጥቧ ካልተንቀሳቀሰች፣ መኪናው በእርግጥ ቆሟል ማለት ነው፤ የትራፊክ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል። ከ20 ደቂቃ በፊት የታደሰ ከሆነ ግን እያየ ያለው የድሮ ቦታዋን ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ባትሪ አልቆ ወይም የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ዋትስአፕን ከጀርባ እንዳይሠራ ከልክሎት ሊሆን ይችላል። ነጥቧ ከመንገዱ ርቃ ሰፊ አካባቢ ላይ የምትዋልል ከሆነ ደግሞ፣ ዋትስአፕ ትክክለኛውን ሳይሆን ግምታዊውን ቦታ ብቻ እንዲያይ ተፈቅዶለት እንደሆነ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ማየት ይገባል።

ከመነሳታቸው በፊት ሁለቱ አንድ ነገር ቢነጋገሩ ይበቃል፦ ነጥቧ ለስንት ደቂቃ ካልታደሰች ነው የሚደውለው? ካልተነሳስ ቀጥሎ የሚደውለው ለማን ነው? ካርታው ቦታን ያሳያል እንጂ አይደውልም።