ለራስ የሚቆረጥ ደመወዝ

አሜሪካ ውስጥ በኤልኤልሲ አንድ ከባድ መኪና የሚያሠራ ሰው ከድርጅቱ አካውንት ወደ ግል አካውንቱ ገንዘብ ባዛወረ ቁጥር ታክስ የሚቆጠርበት ይመስለዋል። አይቆጠርበትም። ብቻውን ባለቤት ከሆነ የሚታየው ድርጅቱ ያተረፈው እንጂ እሱ ያወጣው አይደለም። 100,000 ዶላር አትርፎ 60,000ውን ብቻ ቢያወጣ፣ የቀረው ባንክ ተቀምጦ እያለም ግብሩ የሚሰላው በ100,000ው ነው።

ከገቢ ግብሩ ሌላ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ አለ። ተቀጣሪ ቢሆን ግማሹን አሠሪው ይከፍልለት ነበር፤ እዚህ ግን አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ ነው። ሕጉ ከትርፉ 92.35 በመቶውን ብቻ ስለሚይዝ ክፍያው 14,130 ዶላር ገደማ ይመጣል።

አካውንታንቶች «ኤስ ኮርፕ አድርገው» የሚሉት ይህን ለመቀነስ ነው። ፎርም 2553 ለአይአርኤስ ይላካል፤ ኤልኤልሲው በስሙ ይቀጥላል፣ ባለቤቱ ግን በታክስ ዓይን የራሱ ድርጅት ተቀጣሪ ይሆናል። ለራሱ 60,000 ዶላር ደመወዝ ቢቆርጥ 15.3 በመቶው የሚያርፈው በደመወዙ ላይ ብቻ ነው፤ 9,180 ዶላር። ድርጅቱ የራሱን ግማሽ፣ 4,590 ዶላር፣ ከከፈለ በኋላ የሚተርፈው 35,410 ዶላር እንደ ትርፍ ድርሻ ይወጣል። የገቢ ግብር አለበት፤ 15.3 በመቶው ግን አይነካውም። ልዩነቱ 4,950 ዶላር ያህል ነው። ከዚህ ላይ የደመወዝ መዝገብ ማስያዣና ድርጅቱ ለብቻው የሚያቀርበው የታክስ ሪፖርት ወጪ ይቀነሳል፤ ትርፉ ትንሽ ለሆነ ሰው ድካሙን አያካክስም።

«ታዲያ ደመወዙን 10,000 ባደርገውስ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ዴቪድ ዋትሰን የሚባል የአይዋ አካውንታንት ሞክሮታል። ለራሱ በዓመት 24,000 ዶላር ደመወዝ ቆርጦ በ2002 ከ200,000 ዶላር በላይ በትርፍ ድርሻ ወሰደ። ሙያው አካውንታንት ሆኖ ይህን ማድረጉ ነው የሚገርመው። አይአርኤስ በባለሙያ አስጠንቶ የሥራው ተገቢ ዋጋ 91,044 ዶላር ነው አለ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2012 አጸናው። በየዓመቱ 67,044 ዶላር ከትርፍ ድርሻነት ወደ ደመወዝ ተዛወረበት፤ ታክሱ ከቅጣትና ከወለድ ጋር ተከተለ።

ተገቢ ደመወዝ በሕግ የተተመነ ቁጥር የለውም። መነሻው ያንኑ ሥራ ሌላ ሰው ቢቀጠርበት ምን ይከፈለዋል የሚለው ነው። ለሾፌራችን መልሱ ቀላል ነው፤ በአካባቢው ለተቀጣሪ ሾፌር የሚወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ዋጋውን ይናገራሉ። ደመወዙን በወሰነ ዕለት እነሱን አትሞ ፋይሉ ውስጥ ቢያኖር፣ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ ጥያቄ ማስረጃ ይኖረዋል። ደመወዙን ዝቅ ሲያደርግ ግን ሌላም ነገር አብሮ ዝቅ ይላል፦ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታው የሚሰላው በደመወዙ እንጂ በወሰደው የትርፍ ድርሻ አይደለም።