ከወደራ እስከ ድሬ ሼህ ሁሴን፤ የአንድ አጭር የዝያራ ፊልም የሥዕል ዝርዝርና ትረካ

በምሥራቅ ባሌ አናጂና በተባለው ሥፍራ የሚገኘው የሼህ ሁሴን መቃብር ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ እንዲሁም ከጉጂና ከቦረና ዘያሪዎችን የሚሰበስብ ቦታ ነው። ቦታው በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጊዜያዊ መዝገብ ሠፍሯል። ከወደራ ተነሥቶ በነገሌ፣ በገናሌ ወንዝ፣ በደሎ መና፣ በሰነቴና በጎባ አድርጎ፣ ከዚያም በጊኒር በኩል ወደ ድሬ የሚደርሰው መንገድ ከቆላው ወደ ውርጭ ወጥቶ እንደ ገና ወደ ቆላ ስለሚወርድ፣ ጉዞውን በፊልም ለመከተል እጅግ ይመቻል። ከዚህ በታች የቀረበው የስምንት ደቂቃ ፊልም እቅድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ዘመኑ ነው። ከዋናዎቹ የዝያራ ወቅቶች አንዱ ከዐረፋ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የጨረቃው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳል። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 8 ቀን የዋለው ዐረፋ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 28 ቀን ዋለ። እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሲሸሽ በቆላው ዝናም ወራት ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜ መንገዱም ብርሃኑም ይለወጣል። ባለፈው ዓመት የተሠራ ዝርዝር ለዘንድሮ እንዳለ አያገለግልም።

ዝርዝሩን አንድ የሚያደርገው የዘያሪው ባላ በትር ነው። ጫፉ እንደ መንታ ቅርንጫፍ የተሰነጠቀው ይህ በትር በስሙ «ኡሌ ሼህ ሁሴን» ይባላል፤ በየትም ቢታይ ባለቤቱ ወዴት እንደሚሄድ ያስታውቃል። ክፍሎቹም እነዚህ ናቸው።

1. ዝግጅት፣ 90 ሰከንድ። በትሩን የሚልጡ እጆች ከቅርብ፤ ስንቅ ሲቋጠር፤ ሽማግሌዎች ዱዓ ሲያደርጉ ከሩቅ። ትረካ፦ «በትሩ ዛሬ ተቈረጠ። ስንቁም ተቋጠረ። የቀረው የሽማግሌዎች ምርቃት ነው።»

2. ስንብት፣ 60 ሰከንድ። በትሩ ከደጅ ሲወጣ፤ የቀሩት ሰዎች ቆመው ሲያዩ። ትረካ የለም።

3. ገናሌ፣ 90 ሰከንድ። ወንዙ ከከፍታ፤ የዘያሪዎች እግርና የበትሩ ጫፍ። ትረካ፦ «ከገናሌ ማዶ ባሌ ነው።»

4. ሰነቴ፣ 90 ሰከንድ። ጉምና ጋቢ፤ ዜማ ከሩቅ ይሰማል። ትረካ፦ «ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከዚህ ሜዳ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላው ይመለሳል።»

5. መድረሻ፣ 150 ሰከንድ። ነጩ ቁባ ከሩቅ፤ ብዙ በትሮች በአንድነት፤ ግንባሩ ላይ ከቦታው የተገኘውን «ጀዋራ» የተባለ ነጭ አፈር የተቀባ ዘያሪ። የመጨረሻው ሥዕል በትሩ ግድግዳ ተደግፎ የሚታይበት ነው።

የመጀመሪያውና የመጨረሻው ክፍል በልዩ ልዩ ቀን ሲነሡ ስሕተቱ በበትሩ ይታወቃል። በወደራ አዲስ የተላጠው እንጨት ነጭ ነው፤ በድሬ ግን በእጅ ወዝና በአቧራ ጠቁሯል። ዝግጅቱ ከጉዞው በኋላ እንደ ገና ተሠርቶ ቢነሣ የጠቆረው በትር ያጋልጠዋል። እንዲህ ያለው ሥዕል የግድ ከገባ፣ ትረካው ዳግመኛ የተሠራ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት።

ድምፅን በሚመለከት፣ የዘያሪዎቹ ዜማ የአውጪና የተቀባዮች ነው። አውጪው ብቻ ተሰምቶ መልሱ ከተቈረጠ የጋራው ጸሎት የአንድ ሰው ዘፈን ይመስላል። ስለዚህ ተራኪው ዜማው ሳይጀመር ወይም ካለቀ በኋላ ይናገራል። የትረካው ርዝመት ሰዓት ተይዞ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ይለካል፤ ለ15 ሰከንድ ሥዕል ከ10 ሰከንድ የማያልፍ ንባብ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የትረካው እውነት ነው። ቃሉ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማስቀመጥ ይኖርበታል። በሥዕሉ የሚታየው በቀጥታ ይነገራል፤ ለምሳሌ በትሩ ባላ መሆኑ። ምእመናን የሚሉት በእነርሱ ስም ይነገራል፤ ስለ ሼሁ ተአምራት የሚተረከው ከዚህ ወገን ነው። ሊቃውንት የሚገምቱት ደግሞ እንደ ግምት ይቀርባል። ይህ ዝያራ ከጥንቱ የኦሮሞ የአባ ሙዳ ጉዞ ብዙ ነገር ወርሷል የሚለው አሳብ ብዙ ደጋፊ አለው፤ ነገር ግን በትሩን ይዞ በሚራመደው ሰው ሥዕል ላይ እንደ ተረጋገጠ ነገር ቢነገር፣ ሰውዬው ራሱ ያላሰበውን ምክንያት ለጉዞው መስጠት ይሆናል።

ካሜራው የሚቆምበትም ወሰን አለ። ወደ መቃብሩ ውስጥ መግባት በቦታው ጠባቂዎች ፈቃድ ብቻ ነው። ስለት ይዘው ለመጡ ሕሙማንና ለሴቶች ፊት ደግሞ የጠባቂው ፈቃድ አይበቃም፤ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ከታጣ ከደጅ የተደገፉት በትሮች ብዛት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ለተመልካቹ ያስረዳሉ፤ ማንነቱን ግን አይገልጡም።