ቡና ገዢው አንብቦ የሚመልሰው ኢሜይል

አንድ አነስተኛ ቡና ላኪ ጉጂ ዞን ሻኪሶ ላይ ማጠቢያ ጣቢያ አለው እንበል። ያዘጋጀውን ቡና አሜሪካ ፖርትላንድ ውስጥ ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ ድርጅት ማቅረብ ይፈልጋል። ከድርጅቱ ማንንም አያውቅም፤ የሚያስተዋውቀውም የለም። ያለው መንገድ ኢሜይል ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ የሚጽፈው ይህን የመሰለ ነው፦

«ርዕስ፦ የትብብር ጥያቄ። ክቡር ሆይ፣ ድርጅታችን የቡና መገኛ ከሆነችው ኢትዮጵያ ከፍተኛ ጥራት ያለው ቡና በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያቀርብ ግንባር ቀደም ላኪ ነው። የይርጋጨፌ፣ የሲዳማ፣ የጉጂ፣ የሐረርና የሊሙ ቡና በፈለጉት መጠን እናቀርባለን። ከታዋቂው ድርጅትዎ ጋር በጋራ ጥቅም ላይ የተመሠረተ ዘላቂ አጋርነት ለመፍጠር ጽኑ ፍላጎት አለን። የድርጅታችንን መግለጫ ከዚህ ጋር አያይዘናል። ፈጣን ምላሽዎን በአክብሮት እንጠብቃለን።»

ደብዳቤው ጨዋ ነው፤ ውሸትም የለበትም። ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳይቀየር ለሌላ መቶ ድርጅት ሊላክ ይችላል። ቡና ገዢው ይህን ለማወቅ ሁለት መስመር ይበቃዋል። «ታዋቂው ድርጅትዎ» የሚለው ምስጋና ጸሐፊው ስለ ድርጅቱ ምንም እንዳላነበበ ያጋልጣል። አምስት ዓይነት ቡና «በፈለጉት መጠን» ማለትም ያስጠረጥራል፤ የራሱ ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ሰው እጁ ላይ ያለውን ኬሻ ቆጥሮ ያውቃልና። «ዘላቂ አጋርነት» ደግሞ ገዢው ዛሬ ከሰዓት መልስ ሊሰጥበት የሚችል ጥያቄ አይደለም።

ስለዚህ ማስተካከያው ቃላት በማሳመር አይጀምርም። መጀመሪያ የድርጅቱን ድረ ገጽ ከፍቶ የሚሸጣቸውን ቡናዎች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ፖርትላንድ ያለው ድርጅት ሁለት የኢትዮጵያ ቡናዎች አሉት፤ ሁለቱም ያልታጠቡ የጉጂ ቡናዎች ናቸው። በእያንዳንዱ መሸጫ ገጽ ላይ የማጠቢያ ጣቢያውን ስም፣ ከፍታውንና የቡናውን ዝርያ ጽፏል። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። ጉጂን ያውቃል፤ የታጠበ የጉጂ ቡና ግን የለውም። ላኪው ያለው ደግሞ ልክ ይኸው ነው። ደብዳቤውን ለመጻፍ ምክንያት የሚሆነው ይህ ክፍተት ነው። ክፍተቱ ባይኖር ለዚህ ድርጅት አለመጻፉ ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ነገር ቡና የሚያዋጣው ሰው ብቻ የሚያስበው ነው። ሃያ ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ኬሻ 320 ያህል ይይዛል። አነስተኛ ቆይ ድርጅት ከአንድ ቡና የሚፈልገው አሥር ወይም ሃያ ኬሻ ሊሆን ይችላል፤ ራሱም ከጂቡቲ አያስመጣም፤ ከአስመጪ ድርጅት ነው የሚገዛው። «ቡናዬን ግዙኝ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ጣዕሙን ቢወድ እንኳ «እንዴት ነው እዚህ የሚደርሰው?» የሚለው ጥያቄ ያስቆመዋል። ደብዳቤው ይህን አስቀድሞ ከመለሰለት ግን ጸሐፊው ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ያያል።

አሁን ደብዳቤው እንደገና ይጻፍ። የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይዘቱ ግን ይህ ነው። ከገዢው ስም ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

«ርዕስ፦ የታጠበ የሻኪሶ ቡና፣ 60 ኬሻ፣ የዘንድሮ ምርት። በድረ ገጻችሁ ላይ ያሏችሁ ሁለቱ የጉጂ ቡናዎች ያልታጠቡ መሆናቸውን አይቼ ነው የጻፍኩልዎ። ሻኪሶ ውስጥ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ማጠቢያ ጣቢያ አለን። ከዘንድሮው ምርት ያልተሸጠ 60 ኬሻ የታጠበ ቡና ቀርቶናል። ዝርያው 74110 እና 74112 ሲሆን፣ 36 ሰዓት ውኃ ውስጥ ቆይቶ በአልጋ ላይ 13 ቀን ደርቋል። እርጥበቱ 10.8 በመቶ ነው። የራሳችን ቀማሽ 86 ነጥብ ሰጥቶታል፤ ከውጭ ሰው ገና አልተቀመሰም። ሚያዝያ ውስጥ ከሌሎች ገዢዎች ቡና ጋር በአንድ ኮንቴይነር ከጂቡቲ ይጫናል፤ የምትገዙበት አስመጪ ካለም በእርሱ በኩል ልናደርሰው እንችላለን። 300 ግራም ጥሬ ናሙና በእኛ ወጪ ልላክልዎ? ከፈቀዱ የምልክበትን አድራሻ ብቻ ይጻፉልኝ።»

ከሥር የጸሐፊው ሙሉ ስም፣ የማጠቢያ ጣቢያው ስምና የቢሮው አድራሻ ይሰፍራል። የተያያዘ ፋይል የለም።

ርዝመቱ የመጀመሪያው እጥፍ ገደማ ነው። ቁጥሮቹ ግን እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። በ1966 ዓ.ም. አካባቢ ከተመረጡት የጅማ የምርምር ዝርያዎች መካከል የሆኑትን 74110ን እና 74112ን የጠቀሰ ሰው ለገዢው መሸጫ ገጽ የሚሆን መረጃ ሰጥቷል። እርጥበቱን መጻፉ ደግሞ ቡናው በጉዞ እንደማይበላሽ የሚጠይቀውን ያረጋጋል። በግሌ ከሁሉም የምወደው «ከውጭ ሰው ገና አልተቀመሰም» የሚለውን ነው። ብዙ ላኪ ነጥቡን ብቻ ጽፎ ያልፋል፤ ገዢው ግን ላኪ ለራሱ ቡና የሰጠውን ነጥብ እንደ ወላጅ ምስክርነት ነው የሚያየው። ማን እንደቀመሰው በግልጽ ሲነገረው የቀሩትን ቁጥሮችም ማመን ይቀለዋል። እነዚህ ቁጥሮች ግን እውነተኛ መሆን አለባቸው። ናሙናው ሲደርስ ገዢው እርጥበቱን በራሱ መሣሪያ ይለካል፤ ልዩነት ካገኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ዋጋ አልተጻፈም። ሳይቀመስ የቀረበ ዋጋ ገዢውን ጣዕሙን ትቶ ከሌሎች ዋጋ ጋር ወደ ማወዳደር ይወስደዋል። ናሙናው ተቀምሶ ዋጋ ሲጠየቅ ግን የጂቡቲ መጫኛ ዋጋውን በዚያው ቀን መመለስ ያስፈልጋል።

ጥሩ ደብዳቤም ገዢው ዓይን ላይደርስ ይችላል። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 ጀምሮ የላኪውን ማንነት አጥብቀው ይፈትሻሉ። ድርጅቱ የራሱ የኢሜይል ስም ካለው SPF ወይም DKIM የሚባሉት ማረጋገጫዎች መከፈታቸውን ኢሜይሉን የሚያስተዳድረውን ባለሙያ መጠየቅ ይገባል። ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ መላክና ብዙ ማስፈንጠሪያ መክተትም መልእክቱን ወደ አይፈለጌ መልእክት ይገፋዋል። ለማታለል «Re:» ብሎ የቀደመ ንግግር እንዳለ ማስመሰል ደግሞ በአሜሪካ ሕግ የተከለከለ አሳሳች ርዕስ ነው። ያው ሕግ የንግድ ኢሜይል የላኪውን የፖስታ አድራሻ እንዲይዝና ተቀባዩ «አትላኩልኝ» የሚልበት ግልጽ መንገድ እንዲኖረው ያዝዛል፤ ከአድራሻው ሥር አንድ መስመር ይበቃል። ጀርመን ግን ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ለድርጅትም ቢሆን የማስታወቂያ ኢሜይል መላክ አይፈቀድም፤ እዚያ በአስመጪ ወይም በቡና ኤግዚቢሽን በኩል መግባት ይሻላል።

መልስ ካልመጣ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ መጻፍ ይቻላል፤ ያውም አዲስ ነገር ሲኖር ነው። ለምሳሌ ቡናው በዚህ መሀል በገለልተኛ ቀማሽ ተቀምሶ ከሆነ ውጤቱን መላክ፣ ወይም ከ60ው ኬሻ ስንት እንደቀረ መንገር ይቻላል። «መልእክቴ ደረሰዎት ወይ?» ብቻ የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ ገዢውን ከማሰልቸት በቀር ጥቅም የለውም።

ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ «ለዘንድሮ ገዝተናል» የሚል ነው። ይህ በሩ መዘጋቱ ሳይሆን ደብዳቤው መዘግየቱ ነው። ላኪው አመስግኖ የሚቀጥለውን ዓመት ናሙና በየትኛው ወር መቅመስ እንደሚጀምሩ ይጠይቅ፤ ወሩን መዝግቦ ቡናው ደርቆ እንደተዘጋጀ በዚያ ጊዜ ይጻፍላቸው።