ቤን ግሪም ያዳነው ሌላው ቤን ግሪም

ቤን ግሪም በማርቨል ኮሚክስ ታሪኮች ውስጥ የ«ፋንታስቲክ ፎር» ቡድን አባል ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የቡድኑ የመጀመሪያ እትም ጠፈር ላይ በጨረር ተመታና ሰውነቱ ወደ ሻካራ፣ ብርቱካናማ ግዝፈት ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ «ዘ ቲንግ» ይባላል። ጉልበቱ ወደር የለውም፤ የሰው መልኩን ማጣቱ ግን ሁልጊዜ ያንገበግበዋል።

በ1979 በወጣው «ማርቨል ቱ-ኢን-ዋን» ቁጥር 50፣ ጓደኛው ሪድ ሪቻርድስ መድኃኒት ያገኛል። ችግሩ መድኃኒቱ የሚሠራው ሕመሙ ገና ጀማሪ ሳለ በነበረው ሰውነት ላይ መሆኑ ነው። ቤን ተስፋ አይቆርጥም። በጊዜ መጓጓዣ ወደ ኋላ ተመልሶ ወጣቱን ራሱን ይፈልጋል፤ ወጣቱ ስለማያምነው ይደባደባሉ፤ በመጨረሻ መድኃኒቱን ይሰጠዋል። ወጣቱ ዳነ። ቤን በደስታ ወደ ዘመኑ ሲመለስ ግን የገዛ ገላው ያው ድንጋይ ነው።

ሪድ ምክንያቱን ያስረዳዋል። ያለፈው አልተለወጠም፤ መድኃኒቱ በተሰጠባት ቅጽበት ታሪክ እንደ ዛፍ ግንድ ለሁለት ተቀረንጭፏል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ሁለቱ ቤኖች አንድ ልጅነትና አንድ አደጋ ይጋራሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ሕይወት ይኖራል። አንዱ ስለዳነ ሌላው አይጠፋም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚኖሩትም ለዚህ ነው።

ይህን ሕግ እወደዋለሁ፤ ጀግናው ያለፈውን በቀላሉ እንዳይሰርዝ ይከለክለዋልና። ደራሲው ጆን በርን በ1983 በዚያው መጽሔት ቁጥር 100 ላይ ጉዳዩን ገፋበት። ቤን ያዳነውን ሰው ሊጎበኝ ሲሄድ ኒው ዮርክ ፈርሳ ያገኛታል። «ዘ ቲንግ» በሌለበት ዓለም ፕላኔቶችን የሚውጠው ጋላክተስ መጥቶ ከተማዋን አውድሟታል። ደግ ሥራው እሱ ያላሰበውን መዘዝ ይዞ ቆይቷል።

ከአንድ በላይ ሆኖ የሚታይ ጀግና ሁሉ ግን ከቅርንጫፍ የመጣ አይደለም። የዲሲ ኮሚክስ ደራሲ ጋርድነር ፎክስ በ1961 ሁለት «ፍላሾችን» አገናኝቷል። በ1940 የታየው ጄይ ጋሪክና በ1956 የመጣው ባሪ አለን ስማቸውም የትውልድ ታሪካቸውም ይለያያል፤ የሚኖሩት ከጥንትም በተለያዩ ትይዩ ዓለማት ነው። እነዚህን ሁለት ዓይነቶች ለመለየት ወደ ኋላ መቁጠር ይበቃል፦ ሁለቱ ጀግኖች የጋራ ትናንት ካላቸው ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ከሌላቸው ደግሞ ትይዩ ዓለማት። ደራሲዎች ሕጉን አንዳንዴ ይጥሱታል፤ የጊዜ ተጓዡ ሲመለስ የራሱ ታሪክ ተለውጦ ካገኘው፣ ያ ድርሰት የተጻፈው በቅርንጫፍ ሕግ አይደለም።